አቅማቸው የተለያየ ጓደኛሞች የሳምንቱን ረጅም ሩጫ እንዴት ይካፈሉት?

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆነን እንሮጣለን። አንደኛው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሮጠ ስለሆነ በጨዋታ መካከል እንኳ ጥሎን ይሄዳል። ሁለተኛዋ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ሩጫ የጀመረችው ከሁለተኛ ልጇ በኋላ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ ፍጥነቴም በሁለቱ መካከል ነው። ቅዳሜን የመረጥነው እሑድ ጠዋት ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተሰብ ስለሚውል ነው።

ከሦስታችን አንዷ በዚህ ሩጫ ተጎድታ ነበር። የተጎዳችውም በሩጫው ርዝመት ወይም በጫማዋ ምክንያት ሳይሆን አብረን የምንሮጥበት መንገድ ስላልተስተካከለ ነው። ይህን ዘግይቼ ነው የተረዳሁት፤ ሐኪም ሆኜ በየሳምንቱ አጠገቧ እያለሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ፍጥነታቸው የማይመጣጠን ጓደኛሞች ረጅሙን ሩጫ ማንም ሳይጎዳና ማንም ሳይሰለች እንዴት እንደሚካፈሉት እገልጻለሁ።

እየጠበቁ መሮጥ የሚደብቀው ችግር

ረጅም ሩጫ የሚባለው በሳምንቱ ውስጥ ከምንሮጣቸው ሁሉ በጊዜ የሚረዝመውና በዝግታ የሚሮጠው ነው። ጥቅሙ የሚገኘው ልብ፣ ጡንቻ፣ ጅማትና አጥንት ቀላል ጫናን ለረጅም ጊዜ መሸከምን ሲለምዱ ነው። ጫናው ቀላል መሆኑ ከቀረ ሩጫው ውድድር ይሆናል፤ በየሳምንቱ የሚወዳደር ሰው ደግሞ ለማገገም ጊዜ አያገኝም።

አብዛኛው የጓደኛሞች ቡድን የሚከተለው መንገድ የታወቀ ነው። አንድ ላይ ይነሳሉ፣ ፈጣኑ ይቀድማል፣ ከዚያም አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የቀሩትን ይጠብቃል። ኋላ የቀረው ሲደርስ «ደረስክ? በል እንሂድ» ይባልና ጉዞው ይቀጥላል። ሲያዩት ፍቅር ያለበት ነገር ነው። ሂሳቡን ስናየው ግን ሌላ ነው።

የእኛን እንውሰድ። መምህሩ ሳይቸገር፣ እየተጫወተ የሚሮጥበት ፍጥነት በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ነው። የእኔ 7 ደቂቃ ተኩል፣ የባንክ ሠራተኛዋ ደግሞ 9 ደቂቃ። በዚያን ጊዜ 10 ኪሎ ሜትር እንሮጥና በየ2 ኪሎ ሜትር ተኩሉ እንጠባበቅ ነበር። መምህሩ የመጀመሪያው መገናኛ ላይ የሚደርሰው በ15 ደቂቃ ነው፤ እሷ በራሷ ፍጥነት ብትመጣ በ22 ደቂቃ ተኩል ትደርሳለች። ስለዚህ እሱ በእያንዳንዱ መገናኛ ሰባት ደቂቃ ተኩል ያርፋል። መጨረሻውን ሳንቆጥር በሦስቱ መገናኛዎች ብቻ 22 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። እኔም ከ11 ደቂቃ በላይ አርፋለሁ። እሷ ስትደርስ እኛ አርፈን፣ ውኃ ጠጥተን፣ ብርዱም ተሰምቶን ለመሄድ እንቸኩላለን። የእሷ ዕረፍት ዜሮ ነው።

እንግዲህ ከሁሉም አነስተኛ አቅም ያላት ሰው ለረጅሙ ሰዓት፣ ያለ ምንም ዕረፍት ትሮጣለች። ትልቅ አቅም ያለው ደግሞ በየመሃሉ አርፎ ይነሳል። ጥበቃ የምንለው ነገር ዕረፍቱን ለማይፈልገው ሰው ነበር የሚሰጠው።

ከዚህ የሚብሰው ግን ይሉኝታው ነው። ሰው ቆሞ እየጠበቀው በራሱ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው እምብዛም የለም። እሷም በ9 ደቂቃ ፋንታ በ8 ደቂቃ ትሮጥ ነበር። ከመገናኛው ስንታያት ደግሞ እኛ እያጨበጨብን «በርቺ! አይዞሽ!» እንላለን፤ ያን ጊዜ የመጨረሻውን 200 ሜትር ትፈጥናለች። ያበረታታናት መስሎን ነበር።

ምን ሆነች?

በሦስተኛው ወር አካባቢ ከሩጫ በኋላ ቅልጥሟን ያማት ጀመር። መጀመሪያ ሕመሙ በማግስቱ ይጠፋ ነበር። ቀጥሎ ሩጫው ካለቀ በኋላ ብቻ ሳይሆን እየሮጠች ይሰማት ጀመር፤ በመጨረሻም ከቢሮ ደረጃ ስትወርድ። ወቅቱ የዐቢይ ጾም ነበር፣ እስከ ቀትር ሳትበላ ትቆይና ቅዳሜ ደግሞ ሳትቆርስ ሮጣ ወደ ቤት ሥራ ትገባ ነበር። ለእኛ አልነገረችንም። እኔ ያወቅሁት አንድ ቅዳሜ ስትቀር ስልክ ደውዬ ነው። «እንዳላስጠብቃችሁ ብዬ ነው» አለችኝ።

ስመረምራት የታችኛው እግሯ አጥንት ላይ፣ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል፣ በአንድ ጣት ጫፍ የሚሸፈን ቦታ ስነካ እጅዋ ሸሸ። በዚያ እግሯ ብቻ ስትዘል አመማት። እነዚህ ሁለት ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ ከተራ የጡንቻ ሕመም ይልቅ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ጉዳት ይጠረጠራል። የጡንቻና የሽፋኑ ሕመም ብዙውን ጊዜ በቅልጥሙ ርዝመት ሰፋ ብሎ ይሰማል፣ ሲሞቅም ሊለቅ ይችላል። የአጥንቱ ግን አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፣ በሮጡ ቁጥርም ይብሳል።

ራጅ ተነሳች፤ ምንም አልታየም። ይህ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር ስለሆነ ልብ በሉት፦ እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይ ላይታይ ይችላል። «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብሎ ወደ ሩጫ መመለስ ትንሹን ስንጥቅ ወደ ሙሉ ስብራት ሊያደርሰው ይችላል። ለሰባት ሳምንት ሩጫ አቁማ፣ ሳያማት የምትችለውን ያህል ብቻ እየተራመደች ቆየች። አመጋገቧንም አስተካከልን፤ ጾሙን ሳትተው ሹሮውንና ምስሩን አብዝታ፣ ረጅሙን ሩጫ ምግብ ወደምትበላበት ሰዓት አስጠግታ። አጥንት ራሱን የሚጠግነው ከምንበላው ነው፤ ብዙ እየሮጡ ጥቂት መብላት አንዱ የጉዳቱ መንገድ ነው።

ስትመለስ ሦስታችንም ቁጭ ብለን ሩጫውን እንደ አዲስ አሰላነው።

መጀመሪያ የእያንዳንዱን ትክክለኛ ፍጥነት ማወቅ

ከሁሉ በፊት እያንዳንዱ ሰው ብቻውን 30 ደቂቃ ይሩጥ። ለብቻው መሆኑ ግዴታ ነው፤ ከሰው ጋር ሲሆን ይሉኝታው ይገባበታል። መሬቱ በተቻለ መጠን ሜዳ ይሁን። መመዘኛው ንግግር ነው፦ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ «ዛሬ ከቤት የወጣሁት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ መንገዱም ጭር ብሎ ነበር» የሚለውን፣ በመሃል ለመተንፈስ ሳያቋርጥ ጮክ ብሎ መናገር ከቻለ ፍጥነቱ ለረጅም ሩጫ ተገቢ ነው። ሦስት ቃል እያለ የሚተነፍስ ከሆነ ፈጥኗል። መዝፈን ከቻለ ትንሽ መጨመር ይችላል።

ሰዓታቸው የልብ ምት የሚቆጥርላቸው ሰዎች ለምን በእሱ እንደማንጠቀም ይጠይቁኛል። መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን የደም ግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ከሚወስዱት መካከል የልብን ምት የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን የሚጠቀሙ አሉ፤ ለእነሱ በዕድሜ ተሰልቶ የሚወጣው ቁጥር ያሳስታቸዋል። ንግግሩ ግን ለሁሉም ይሠራል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦ ላይ ደግሞ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ እንግዳ፣ ወይም ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ከእናንተ ጋር ሊሮጥ ቢመጣ፣ እዚያ የለመደውን ፍጥነት ይዞ አይነሳ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ንግግሩ በሚፈቅድለት ልክ ብቻ ይሂድ፤ ቁጥሩ ከለመደው ቢያንስ አይገረም።

እኩል ርቀት ሳይሆን እኩል ጊዜ

የእኛ ስህተት መነሻው ሦስታችንም 10 ኪሎ ሜትር እንሩጥ ማለታችን ነበር። እኩል ይመስላል። ነገር ግን ለመምህሩ የ60 ደቂቃ ሥራ የሆነው ለእሷ የ90 ደቂቃ ሥራ ነው። አካል ጫናን በአብዛኛው የሚቆጥረው በምን ያህል ጥረት ለስንት ደቂቃ እንደሠራ ነው። ስለዚህ ርቀቱን ትተን ጊዜውን እኩል አደረግነው፦ ሁላችንም 90 ደቂቃ፣ እያንዳንዳችን በራሳችን ፍጥነት። በዚህ ስሌት መምህሩ 15፣ እኔ 12፣ እሷ 10 ኪሎ ሜትር እንሮጣለን። ማንም የማንን ርቀት አይጠይቅም።

(እሷ 90 ደቂቃ ላይ ወዲያው አልተመለሰችም። ከሰባቱ ሳምንት በኋላ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ በመራመድ፣ በ20 ደቂቃ ነው የጀመረችው። ወደ ሙሉው የደረሰችው ከወራት በኋላ ነው።)

ጊዜው እኩል ሲሆን የሚቀረው ጥያቄ እንዴት እንደምንገናኝ ነው። ለዚህ ከቀጥታ መንገድ ይልቅ ዙር ይሻላል። ሰፈራችን ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን ዙር አገኘን፤ ግማሹ ኮብልስቶን ነው፣ አንድ አጭር ዳገትም አለው። የምንነሳው ከአንድ ሱቅ ፊት ለፊት ነው፤ ባለ ሱቁ ውኃችንን ይጠብቅልናል።

አሁን ሰዓቱን እንከተል። ሦስታችንም 12 ሰዓት ተኩል ላይ አብረን እንነሳለን። መምህሩ አንዱን ዙር በ15 ደቂቃ ይጨርሳል፣ በ45 ደቂቃ ሦስት ዙር። እሷ አንዱን በ22 ደቂቃ ተኩል ትጨርሳለች፣ በ45 ደቂቃ ሁለት ዙር። ስለዚህ እሱ ሦስተኛውን፣ እሷም ሁለተኛውን ዙር ጨርሰው ልክ በ45ኛው ደቂቃ ሱቁ ደጅ ይገናኛሉ። እኔ ሁለተኛ ዙሬን የምጨርሰው በ37 ደቂቃ ተኩል ነው። ሦስተኛውን ብጀምር እነሱ ሊጠብቁኝ ነው። ስለዚህ አልጀምርም፤ ፊቴን አዙሬ በመጣሁበት መንገድ ወደ ኋላ እሮጣለሁ። 450 ሜትር ያህል እንደሄድኩ እሷን አገኛታለሁ፣ ከዚያም በእሷ ፍጥነት ጎን ለጎን እየተጫወትን እስከ ሱቁ እንመጣለን።

ይህ ሁሉ የሚቻለው የእኛ ቁጥሮች ስለገጠሙ ነው ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የናንተ እንዲህ ላይገጥም ይችላል፤ የእኛም ቢሆን በየሳምንቱ አይገጥምም። ለዚህ ነው ስሌቱን ወደ አንድ ቀላል ደንብ የቀየርነው፦ ከ35ኛው ደቂቃ በኋላ መነሻው ላይ የደረሰ ሰው አዲስ ዙር አይጀምርም፣ ቆሞም አይጠብቅም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ኋላ ያለውን ሰው ይቀበላል። ሁለት ሰዎች ቢመለሱ ሁለቱም ይቀበሉታል። ኋላ ያለው ሰው የያዘውን ዙር ሲጨርስ የመጀመሪያው ግማሽ አበቃ ማለት ነው፤ 43ኛው ደቂቃም ይሁን 50ኛው ለውጥ የለውም።

ይህ ደንብ ሁለት ነገር ያስተካክላል። ፈጣኑ በጠዋቱ ብርድ ላብ ይዞት አይቆምም፣ ሰውነቱም አይደርቅበትም። ኋላ ያለውም ሰው ከሩቅ ቆመው ከሚያዩት ሰዎች ፋንታ ወደ እሱ የሚመጣ ጓደኛ ያገኛል። የመጨረሻዎቹን 200 ሜትሮች ከመፍጠን ይልቅ እያወራ ይጨርሳቸዋል። እኛ ዘንድ «በርቺ» ማለት ቀርቷል፤ ማንም አልከለከለውም፣ ዝም ብሎ ቦታ አጣ።

የዙሩ ርዝመት በመካከላችሁ ያለውን ልዩነት ይከተል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ዙሩ ይጠር፤ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያም ያነሰ ሊሆን ይችላል። ዙሩ ሲያጥር ማንም ከመነሻው በጣም አይርቅም፤ እግሩን ያመመው ሰው ብዙም ሳይራመድ ይመለሳል። ሲያጥር ግን ይሰለቻል፣ ይህን መካድ አይቻልም። እኛ በየወሩ አቅጣጫ ከመቀየር ይልቅ ዙሩን ራሱን እንቀይራለን። ምክንያቱም አቅጣጫው የደህንነት ጉዳይ ነው፦ በአገራችን መኪና በቀኝ ስለሚሄድ፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ እየታጠፋችሁ በግራ ጠርዝ ከሮጣችሁ መኪናው ፊት ለፊታችሁ ይመጣል፣ ትዩታላችሁ። የምትዞሩት የአንድን ሰፈር ጠርዝ ከሆነ ደግሞ ዋናውን መንገድ መሻገርም አይኖርባችሁም። ወደ ኋላ የሚመለሰው ሰው ግን መኪናው ከኋላው ስለሚመጣበት እግረኛ መንገድ ላይ ይውጣ።

መገናኛው ላይ

የዕረፍቱ ሰዓት መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ሲደርስ ነው። እኛ ሦስት ደቂቃ እናደርገዋለን። «እንሂድ» የምትለውም እሷ ናት እንጂ እኛ አይደለንም። ይህን ለማስለመድ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን፤ መምህሩ ሳያስበው ወደፊት እየተራመደ ይጀምር ነበር፣ እሷም ትከተለው ነበር። አሁን እሷ እስክትናገር ሱቁ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ውኃ በጥማት ልክ ይጠጣ። በዙር ሩጫ ውኃው በየ15 እና በየ20 ደቂቃው ፊታችሁ ስለሚመጣ ሳይጠሙ መጠጣት ይለመዳል፤ በተለይ በዝግታ የሚሮጠው ሰው ላቡ አነስተኛ ሆኖ የሚጠጣው ይበዛል። በጣም ረጅም ሰዓት በሚፈጁ ሩጫዎች ከመጠን በላይ ውኃ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መደናገር ያመጣል። በ90 ደቂቃ እዚያ መድረስ ብዙም የሚጠበቅ አይደለም፤ ልማዱን ግን ከአሁኑ አለመጀመር ነው።

መነሻው ላይ ከውኃው ጋር አንድ ትንሽ ቦርሳ ይቀመጥ። ከመካከላችሁ ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ካለ፣ ከረሜላ ወይም ስኳር የገባበት ውኃ ይኑርበት፤ ሁለት ከረሜላ ደግሞ በኪሱ ይያዝ። ስኳሩ ሲወርድ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ አንዳንዴም የማይገናኝ ነገር ይናገራል። ሯጭ ላይ ላብና ድካም የተለመደ ስለሆነ ጓደኞቹ ይህን ካላወቁ ያልፉታል። አስም ያለበት ሰው የሚነፋውን መድኃኒት ቦርሳው ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ሲያፍነው ቦርሳው አይጠቅመውም።

አብረን ስንሮጥ ፍጥነቱን ማን ይያዝ?

ዙሩ አንድ ጉድለት አለው፤ ከ90 ደቂቃ አብዛኛውን የምንሮጠው ለየብቻችን ነው። ሰው ደግሞ ከጓደኛ ጋር የሚሮጠው ሊጫወት ነው። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ስንጀምር የመጀመሪያውን ዙር ሦስታችንም በእሷ ፍጥነት እንሮጠዋለን። ለመምህሩ ያ ሳምንት ቀለል ያለ ሳምንት ይሆንለታል፤ ከረቡዕ ጠንካራ ልምምዱ የደከመበትን ሳምንት እሱ ራሱ ይመርጣል። እኔም ሆንኩ እሷ አንመርጥለትም።

በዚህ ዙር ላይ ተጠንቀቁለት የምለው የግማሽ እርምጃ ጉዳይ ነው። ጎን ለጎን ስትሮጡ አንዱ ሳያውቀው ሁልጊዜ ግማሽ እርምጃ ይቀድማል። ሌላው ለመስተካከል ይጨምራል፤ ያኛው እንደገና ግማሽ እርምጃ ይቀድማል። ማንም ፍጠን ሳይል ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሁሉም ከጀመሩበት ፍጥነው ይገኛሉ። መፍትሔው ዝግተኛዋ ከፊት ትሁን፣ ሌሎቹ ከትከሻዋ ኋላ ይሁኑ። ከኋላ ያለው ሰው መጠን ሲያልፍ ይታወቃል፣ ከጎን ያለው ግን አይታወቅም። ወሬ የሚያበዛው ፈጣኑ ብቻ ከሆነና እሷ «እህ» እያለች ብቻ ከመለሰች፣ ፍጥነቱ ከእሷ አቅም አልፏል ማለት ነው።

ዳገት ላይ አብሮ መቆየት አይሞከር። ልዩነቱ የሚሰፋው እዚያ ነው፣ ዝግተኛው ሰው ከልኩ የሚወጣውም እዚያው ነው። እያንዳንዱ ንግግሩ በሚፈቅድለት ልክ ይውጣ፤ ለአንዳንዱ ይህ መራመድ ማለት ነው፣ ምንም ችግር የለውም። መገናኛው ዳገቱ አናት ላይ ይሁን፣ እዚያም ኋላ የመጣው ሰው ትንፋሹ እስኪመለስ ይቆይ። ቁልቁለቱን ወዲያው አይጀምር፤ በቁልቁለት ጉልበትና ቅልጥም የሚቀበሉት ምት ይበረታል፣ ደክሞ የሚወርድ ሰው ደግሞ እግሩን መሬት ላይ ይጥላል።

ዙር ለሌላቸው

ሱሉልታ ወይም ሌላ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የምትሮጡ ከሆነ፣ ደርሶ መልስ በሰዓት ይሠራል። አብራችሁ ተነሱ፣ 45ኛው ደቂቃ ላይ እያንዳንዱ ባለበት ቦታ ዞሮ ይመለስ። ሁሉም የመጡበትን ፍጥነት ከጠበቁ መነሻው ላይ አንድ ላይ ይደርሳሉ፣ በእኛ ቁጥር መምህሩ ከ7 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ እሷ ከ5 ኪሎ ሜትር ትመለሳለች። ጉድለቱ ሄዶ መመለሻው እኩል ካልሆነ ነው፤ ሲሄዱ ቁልቁለት ከሆነ ሲመለሱ ዳገት ይሆናል። እንደዚያ ባለ መንገድ ዳገቱ በመጀመሪያ እንዲሆን ከታች ተነሱ።

ሌላው ዝግተኛው ቀድሞ መነሳቱ ነው። ሁላችሁም አንድ ርቀት መሮጥ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ በኅዳር ለሚደረገው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ስትዘጋጁ፣ እሷ 12 ሰዓት፣ እኔ 12:15፣ መምህሩ 12:30 ላይ እንነሳና ሦስታችንም 1:30 ላይ እንጨርሳለን። ሁለት ጊዜ ሞክረነዋል፤ በወር ከአንድ ጊዜ በላይ አልመክረውም። ፈጣኑ ከፊቱ ሰው ሲያይ ማሳደድ ይጀምራል፣ ከፊት ያለችውም ዞር እያለች ትፈጥናለች። በዚያ ላይ ዝግተኛዋ ገና ሳይነጋ ብቻዋን ትወጣለች። የሰፈር ውሻ ያለበትን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መቼ ይቁም?

ደረት ላይ መጫን ወይም መታነቅ የመሰለ ስሜት፣ እየሮጡ ራስን መሳት ወይም ሊስቱ መድረስ፣ በድንገት የልብ ምት መዘበራረቅ፣ ከጥረቱ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ እጥረት ከታየ ሩጫው ለሁሉም ያበቃል። አንዱ አጠገቡ ይቆያል፣ ሌላው መኪና ይፈልጋል፣ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል፤ ቢለቀውም እንኳ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ከቅርብ ቤተሰቡ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ያለበት፣ የልብ ሕመም ወይም ያልተቆጣጠረው የደም ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ረጅም ሩጫ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

ከዚህ ቀለል ያሉትንና በየሳምንቱ የሚመጡትን ለመለየት እኛ ሰኞ ምሽት በስልክ አጭር መልእክት እንለዋወጣለን። ጥያቄው «እንዴት ነሽ» አይደለም፤ ለእሱ መልሱ ሁልጊዜ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ጥያቄው «ደረጃ ስትወርጂ የሚያምሽ ቦታ አለ? በአንድ ጣት ልታሳዪው ትችያለሽ?» የሚል ነው። በሁለት እጅ የሚታሸት ሰፊ የጭን ወይም የባት ሕመም እስከ ማክሰኞና ረቡዕ ይለቃል። በአንድ ጣት የሚታይ የአጥንት ሕመም ካለ ግን የሚቀጥለው ቅዳሜ ሩጫ የለም፣ ሐኪም ያየዋል። እሑድና ሰኞ ድካሙ ያለቀቀው፣ እንቅልፍ የነሳው ወይም ጠዋት ከአልጋ ሳይነሳ የሚቆጥረው የልብ ምቱ ከለመደው የጨመረ ሰው ደግሞ ቅዳሜ ከልኩ በላይ ሮጧል፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ዙር ይቀንስ።

ፍጥነታችንን በየሁለት ወሩ ለየብቻችን ሮጠን እንደገና እንለካለን። ባለፈው ስንለካ የባንክ ሠራተኛዋ በኪሎ ሜትር 8 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ሆናለች፣ እኔ እዚያው ነኝ። አሁን ሁለተኛ ዙሯን በ43 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ስለምትጨርስ፣ ተመልሼ የምቀበላት ወደ 360 ሜትር ላይ ነው። መምህሩ ደግሞ ሦስተኛ ዙሩን ሳይጨርስ እሷ ቀድማው ሱቁ ጋ ትደርሳለች፤ ስለዚህ አሁን ተመልሰን የምንቀበለው እሱን ሆኗል።